ስሙ ተገኝቶ ይዘቱ የጠፋ ፋይል፦ ከኤስኤስዲ የተሰረዘን ፋይል መመለስ ለምን ከበደ?

(በፋኩልቲው የሕዝባዊ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ)



ንግግሬን በአንድ ገጠመኝ እጀምራለሁ። አንዲት የታሪክ ተመራማሪ ባልደረባዬ ስለ ቀድሞው የመሬት ስሪት ከአዛውንቶች ጋር ያደረጓቸውን 41 ቃለ መጠይቆች በላፕቶፓቸው ላይ አስቀምጠው ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን ማታ የተደጋገሙ ፎልደሮችን ሲያጸዱ፣ ቅጂው መስሏቸው ዋናውን ፎልደር መረጡና የሺፍትና የዲሊት ቁልፎችን አንድ ላይ ተጫኑ። በዚህ መንገድ የተሰረዘ ፋይል ሪሳይክል ቢን ውስጥ አይገባም። ስሕተታቸውን የተረዱት ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ነበር፤ ነገር ግን ብዙም አልደነገጡም። ከዓመታት በፊት ከአሮጌው ኮምፒውተራቸው ላይ ተመሳሳይ ፎልደር ጠፍቶባቸው እኔው መልሼላቸው ነበርና። ያን ጊዜ የነገርኳቸውንም አስታውሰዋል፤ በዲስኩ ላይ ምንም አዲስ ነገር ሳይጽፉ ላፕቶፑን ዘግተው በማግሥቱ ጠዋት ቢሮዬ ይዘውት መጡ።

የፋይል መመለሻውን ፕሮግራም ስናስነሣው 41ዱም ፋይሎች ከነስማቸው፣ ከነቀናቸውና ከነሙሉ መጠናቸው ተዘረዘሩ። ከእያንዳንዱ ጎን ፕሮግራሙ «ሁኔታው እጅግ ጥሩ ነው» የሚል ምልክት አድርጎ ነበር። ወደ ሌላ ዲስክ አውጥተን የመጀመሪያውን ለማጫወት ስንሞክር አልከፈት አለ። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም እንዲሁ ሆነ። ባልደረባዬ ወደ ስክሪኑ እያመለከቱ፣ «ስማቸው እኮ ሁሉም አለ» አሉኝ። ከተቀረጹት አዛውንቶች መካከል አንዳንዶቹ በዚያን ጊዜ በሕይወት አልነበሩም።

ፋይሉን በጥሬ ባይት ማሳያ ከፈትነው። በመቅረጫ መሣሪያ የተቀዳ የዌቭ ድምፅ ፋይል አብዛኛውን ጊዜ `52 49 46 46` በሚሉ አራት ባይቶች ይጀምራል፤ እነዚህም `RIFF` የሚለው ቃል ፊደሎች ናቸው። በባልደረባዬ ፋይል ላይ ግን ከመጀመሪያው ባይት እስከ መጨረሻው `00 00 00 00` ብቻ ነበር። ፋይሉ ተበላሽቶ ወይም በከፊል ተቆርጦ ቢሆን ኖሮ ምንም ዓይነት ፍርፋሪ ይታይ ነበር። ይህ ከዳር እስከ ዳር ባዶ ነው። ከዓመታት በፊት የሠራው ዘዴ አሁን ለምን አልሠራም? የዛሬው ንግግሬ የዚህ ጥያቄ መልስ ነው።

በሃርድ ዲስክ ላይ መሰረዝ ማለት ምን ማለት ነበር?

ሃርድ ዲስክን እንደ አንድ መዝገብ ቤት እንየው። በበሩ አጠገብ ትልቅ የመዝገብ ደብተር አለ፤ በውስጠኛው ክፍል ደግሞ ቁጥር የተሰጣቸው መደርደሪያዎች አሉ። ደብተሩ የእያንዳንዱን ሰነድ ስምና ያለበትን መደርደሪያ ይናገራል። በዊንዶውስ የተለመደው ኤንቲኤፍኤስ የተባለው የፋይል ሥርዓት ይህን ደብተር `$MFT` ይለዋል። ፋይል ስንሰርዝ ሠራተኛው ወደ ውስጠኛው ክፍል አይገባም። በደብተሩ ላይ በፋይሉ መስመር አንጻር «ይህ መስመር ነጻ ነው» የሚል ምልክት ያደርጋል፤ መደርደሪያዎቹንም ባዶ ከሚባሉት ይቆጥራቸዋል። ስሙ፣ መጠኑና የመደርደሪያ ቁጥሩ ግን በደብተሩ ላይ እንደተጻፉ ይቆያሉ። ሰነዱም ሌላ ሰነድ መጥቶ ቦታውን እስኪወስድ ድረስ ከመደርደሪያው አይነሣም።

የፋይል መመለሻ ፕሮግራሞች የሚኖሩት በዚህ ክፍተት ነው። የተሰረዘውን መስመር ያነባሉ፣ ቁጥሩን ይዘው ወደ መደርደሪያው ይሄዳሉ፣ ያገኙትን ይቀዳሉ። «እጅግ ጥሩ» የሚለው ምልክት የሚሰጠውም በዚሁ ደብተር ላይ ተመሥርቶ ነው፤ ትርጉሙም «ይህን መደርደሪያ ሌላ ፋይል አልወሰደውም» ማለት እንጂ «ይዘቱን ከፍቼ አይቼዋለሁ» ማለት አይደለም። በሃርድ ዲስክ ዘመን ሁለቱ አባባሎች በተግባር አንድ ስለነበሩ ልዩነታቸውን ማንም ልብ አላለውም።

ኤስኤስዲ ለምን የተለየ ጠባይ አለው?

ሃርድ ዲስክ በማግኔታዊ ገጽ ላይ ስለሚጽፍ፣ በአሮጌው ጽሑፍ ላይ አዲሱን በቀጥታ መደረብ ይችላል። ኤስኤስዲ የሚጽፈው ግን በፍላሽ ሜሞሪ ላይ ነው፤ ፍላሽም ይህን አይፈቅድም። ከኋላዬ ያለውን ጥቁር ሰሌዳ ተመልከቱ። በዚህ ሰሌዳ ላይ መስመር በመስመር መጻፍ ይቻላል እንበል፤ አንድን መስመር ብቻ ነጥሎ ማጥፋት ግን ክልክል ነው። ማጥፋት ከተፈለገ ሰሌዳው በሙሉ በእርጥብ ጨርቅ ይጸዳል። ፍላሽ ልክ እንዲህ ነው። መስመሩ «ገጽ» ይባላል፤ በዛሬዎቹ ቺፖች ብዙውን ጊዜ 16 ኪሎባይት ያህል ይይዛል። ሰሌዳው ደግሞ «ብሎክ» ይባላል፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ገጾች ስላሉት መጠኑ ብዙ ሜጋባይት ነው። ንባብና ጽሕፈት በገጽ፣ ማጥፋት ግን በብሎክ ነው። በዚያም ላይ እያንዳንዱ ብሎክ የሚችለው የጽዳት ብዛት የተወሰነ ነው፤ በተለመዱት ዲስኮች ከአንድ ሺህ እስከ ጥቂት ሺህ ጊዜ ይደርሳል።

ስለዚህ ኮምፒውተሩ «በ500ኛው አድራሻ ላይ ይህን ጻፍ» ሲል፣ በዲስኩ ውስጥ ያለው መቆጣጠሪያ ቺፕ በአሮጌው ቦታ ላይ አይጽፍም። ጽሑፉን ባዶ በሆነ ሌላ ገጽ ላይ ያኖርና በራሱ የአድራሻ ማዛመጃ ሰንጠረዥ ላይ «500 ማለት ከእንግዲህ እዚህ ነው» ብሎ ይመዘግባል። አሮጌው ገጽ ባለቤት የሌለው ይሆናል። እንዲህ ያሉ ገጾች ሲበዙ መቆጣጠሪያው የጽዳት ሥራ ይጀምራል፦ ከአንድ ሰሌዳ ላይ አሁንም የሚያስፈልጉትን መስመሮች ወደ ሌላ ሰሌዳ ይገለብጣል፣ ከዚያ የፊተኛውን ሰሌዳ በሙሉ ያጸዳል።

እዚህ ላይ አንድ ችግር ይነሣል። ፋይል ሲሰረዝ የሚለወጠው የፋይል ሥርዓቱ ደብተር ብቻ ነው ብያለሁ። መቆጣጠሪያው ግን የራሱን ሰንጠረዥ እንጂ ያንን ደብተር የማንበብ ግዴታ የለበትም፤ ስለዚህ ከሳምንት በፊት የተሰረዘ ፊልም ለእርሱ አሁንም ውድ ንብረት ነው። በእያንዳንዱ ጽዳት ያንን ፊልም ከሰሌዳ ሰሌዳ ሲገለብጥ ይኖራል። ዲስኩ በከንቱ ይደክማል፣ ዕድሜውም ያጥራል፣ የጽሕፈት ፍጥነቱም ይወርዳል።

ትሪም የተባለው መልእክት

ለዚህ ችግር የተገኘው መፍትሔ አንድ አጭር ትእዛዝ ነው። ስርዓተ ክወናው ፋይል ሲሰርዝ ለዲስኩ «ከዚህ አድራሻ እስከዚህ አድራሻ ያለው ከእንግዲህ አያስፈልገኝም» ብሎ ይነግረዋል። በሳታ ዲስኮች ትእዛዙ ትሪም ይባላል፤ በኤንቪኤምኢ ዲስኮች ስሙ ቢለያይም ሥራው ያው ነው። ዊንዶውስ 7 በ2009 እ.ኤ.አ. ይህን ትእዛዝ መላክ ጀመረ፤ ሊኑክስ ደግሞ በ2010 እ.ኤ.አ. ተከተለ። ዛሬ በማንኛውም አዲስ ላፕቶፕ ላይ ማንም ሳይጠይቅ ተከፍቶ የሚመጣ ነው።

ትሪም ለፍጥነትና ለዕድሜ የተሠራ እንጂ ምሥጢር ለማጥፋት የታሰበ አልነበረም። ውጤቱ ግን ለመልሶ ማግኘት ሥራ ከባድ ሆነ። መቆጣጠሪያው መልእክቱ እንደደረሰው እነዚያን አድራሻዎች ከማዛመጃ ሰንጠረዡ ላይ ይፍቃቸዋል። ከዚያ በኋላ ኮምፒውተሩ «በ500ኛው አድራሻ ያለውን ስጠኝ» ብሎ ሲጠይቅ መቆጣጠሪያው የሚሄድበት ቦታ የለውም፤ ብዙዎቹ ዲስኮችም ዜሮ ፈጥረው ይመልሳሉ። ልብ በሉ፤ የጸዳ የፍላሽ ሴል በተፈጥሮው የሚነበበው እንደ አንድ እንጂ እንደ ዜሮ አይደለም። ስለዚህ በባልደረባዬ ስክሪን ላይ ያየናቸው ዜሮዎች ከሴሎቹ የተነበቡ አልነበሩም። መቆጣጠሪያው ቺፑን ሳይነካ የሰጠው መልስ ነበር።

አሁን ገጠመኙ ይገለጣል። ደብተሩ ራሱ አልተሰረዘም፤ ስለዚህ 41ዱ ስሞች፣ ቀኖችና መጠኖች በቦታቸው ነበሩ። ሌላ ፋይል መደርደሪያዎቹን አልወሰደም፤ ስለዚህ ፕሮግራሙ «እጅግ ጥሩ» አለ። መደርደሪያዎቹ ግን ከመዝገብ ቤቱ ተነቅለው ወጥተዋል። ዊንዶውስ ትእዛዙን የሚልከው ፋይሉ እንደተሰረዘ ወዲያው በመሆኑ፣ ባልደረባዬ ስሕተታቸውን በተረዱበት ቅጽበት ነገሩ አልቆ ነበር።

በዓይን የሚታይ ሙከራ

ይህን በቃል ብቻ እንዳትቀበሉኝ፣ በቤተ ሙከራችን የምናሠራውን አንድ ሙከራ ላሳያችሁ። የሚያስፈልገው ምንም ጠቃሚ ነገር የሌለበት የሳታ ኤስኤስዲ እና ሊኑክስ ነው። በ`/mnt/test` ላይ በተከፈተው ዲስክ ውስጥ `A` በሚለው ፊደል ብቻ የተሞላ የ1 ሜጋባይት ፋይል እንፈጥራለን። የዚህ ፊደል ባይት `41` ነው። ከዚያ የሚከተለውን እናዛለን፦

```
sync
hdparm --fibmap /mnt/test/a.txt
hdparm --read-sector 2359296 /dev/sdb
rm /mnt/test/a.txt
sync
hdparm --read-sector 2359296 /dev/sdb
fstrim -v /mnt/test
hdparm --read-sector 2359296 /dev/sdb
```

ሁለተኛው መስመር ፋይሉ የሚጀምርበትን አድራሻ ይነግረናል፤ እኔ የጻፍኩት ቁጥር ለምሳሌ ነው፤ እናንተ የወጣላችሁን ትተካላችሁ። አድራሻውን ሦስት ጊዜ እናነባለን። በመጀመሪያው ንባብ ስክሪኑ `4141 4141` እያለ ይሞላል። ፋይሉ ከተሰረዘ በኋላ በሚደረገው ሁለተኛው ንባብም ያው `4141` ይታያል፤ እስከዚህ ድረስ ኤስኤስዲው እንደ ሃርድ ዲስክ ነው የሆነው። የትሪም ትእዛዝ ከተላከ በኋላ በሚደረገው ሦስተኛው ንባብ ግን `0000 0000` ብቻ ይቀራል። ፋይሉን ያጠፋው መሰረዙ አለመሆኑን፣ ከመሰረዙ በኋላ የተላከው መልእክት መሆኑን ተማሪዎቼ በዚህ ሙከራ ይረዳሉ።

ሙከራው አንድ ተግባራዊ ቁም ነገርም ያስተምራል። ብዙ የሊኑክስ ስርጭቶች ትሪምን በየስረዛው አይልኩም፤ `fstrim.timer` በተባለው መርሐ ግብር አማካይነት በሳምንት አንድ ጊዜ ይልካሉ። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ኮምፒውተር ላይ ማክሰኞ የተሰረዘ ፋይል እስከሚቀጥለው ዙር ድረስ ሊመለስ ይችላል። በዊንዶውስ ላይ ግን ይህ ፋታ የለም። ትእዛዙ መከፈቱን ለማወቅ የሚከተለውን መጠየቅ ይበቃል፦

```
fsutil behavior query DisableDeleteNotify
```

መልሱ `0` ከሆነ ትሪም ይሠራል ማለት ነው። የጥያቄው ስም «ማሳወቅን ከልክል» የሚል ስለሆነ፣ ዜሮ «አልተከለከለም» ማለት ነው፤ ብዙ ሰው በዚህ ይሳሳታል።

ቺፑን ነቅሎ ማንበብስ?

ከእናንተ መካከል፣ «መረጃው በሴሎቹ ውስጥ ገና ካልጸዳ፣ መቆጣጠሪያውን አልፎ ቺፖቹን በቀጥታ ማንበብ አይቻልም ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ትሪም አድራሻውን ይፍቃል እንጂ ብሎኩን በዚያች ቅጽበት ላያጸዳው ይችላል። ልዩ መሣሪያ ያላቸው ቤተ ሙከራዎች አንዳንድ ዲስኮችን በፋብሪካ የጥገና ሁኔታ ውስጥ አስገብተው ያልጸዱ ገጾችን ለማንበብ ይሞክራሉ።

ነገር ግን በመንገዱ ላይ ሁለት እንቅፋቶች አሉ። አንደኛው ጊዜ ነው። የጽዳት ሥራው የሚከናወነው በዲስኩ ውስጥ በመሆኑ ኤሌክትሪክ ብቻ ካገኘ ይቀጥላል። የወንጀል ምርመራ ባለሙያዎች ማስረጃ እንዳይለወጥ የሚጠቀሙበት የጽሕፈት መከልከያ መሣሪያ ከኮምፒውተር የሚመጣውን ትእዛዝ ያግዳል እንጂ፣ መቆጣጠሪያው በራሱ ቤት ውስጥ የሚያደርገውን ጽዳት ሊያስቆም አይችልም። በአውስትራሊያ የመርዶክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ግሬም ቤልና ሪቻርድ ቦዲንግተን በ2010 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ይህንኑ ችግር አሳይተዋል። ሁለተኛው እንቅፋት ይዘቱ የተጻፈበት መንገድ ነው። መቆጣጠሪያው አንዱን ፋይል በብዙ ቺፖች ላይ በታትኖ ያኖረዋል፣ ባይቶቹንም ያዘበራርቃል፤ በብዙ ዘመናዊ ዲስኮች ላይ ደግሞ በምሥጢር ቁልፍ ይቆልፈዋል። ቺፑን ከሰሌዳው ነቅሎ ያነበበ ሰው ቁልፉ ከሌለው ትርጉም የሌለው የባይት ክምር ብቻ ይተርፈዋል።

ከ41ዱ ስንት ተመለሰ?

ወደ ባልደረባዬ እንመለስ። ከላፕቶፑ ዲስክ አንድም ድምፅ አልተመለሰም። ሁለት ነገሮች ግን ተገኝተዋል፤ የተገኙበት ምክንያትም ከትምህርታችን ጋር ይያያዛል።

የመጀመሪያው እያንዳንዱን ቃለ መጠይቅ የሚያጅቡ አጫጭር የጽሑፍ ማስታወሻዎች ናቸው። ኤንቲኤፍኤስ በጣም ትንሽ የሆነ ፋይል ሲያገኝ መደርደሪያ አይሰጠውም፤ ይዘቱን በደብተሩ መስመር ውስጥ ያኖረዋል። የአንዱ መስመር ስፋት አብዛኛውን ጊዜ 1024 ባይት ሲሆን፣ ስሙና ሌላው መረጃ ከተቀነሰ በኋላ ለይዘት የሚተርፈው 700 ባይት ገደማ ነው። ደብተሩ የትሪም ትእዛዝ ስለማይላክበት እነዚህ ማስታወሻዎች ዳኑ። በዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ አንድ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል፤ ስለዚህ 700 ባይት ማለት ከ230 ያህል ፊደል አይበልጥም። ባልደረባዬ የተናጋሪውን ስም፣ ቦታውንና ቀኑን ብቻ የያዙባቸው ማስታወሻዎች ሁሉ ተመለሱ። ረዘም አድርገው የጻፏቸው ግን እንደ ድምፆቹ ዜሮ ሆነው ተገኙ።

ሁለተኛው የመቅረጫ መሣሪያው ካርድ ነው። ባልደረባዬ ቅጂዎቹን ወደ ላፕቶፑ ባዛወሩ ቁጥር ከካርዱ ላይ ይሰርዟቸው ነበር። እንዲህ ያሉ ካርዶች በተለመደው የዩኤስቢ ማንበቢያ በኩል ሲሰረዝባቸው አብዛኛውን ጊዜ የትሪም መልእክት አይደርሳቸውም፤ ስለዚህ የቀድሞው ሕግ በእነርሱ ላይ አሁንም ይሠራል። በቅድሚያ የካርዱን ሙሉ ቅጂ ወሰድን፤ ከዚያ በቅጂው ውስጥ `RIFF` የሚለውን መነሻ እየፈለግን፣ በፋይሉ ራስጌ ላይ የተጻፈውን መጠን እየተከተልን ቆርጠን አወጣን። 27 ቃለ መጠይቆች በሙሉ ድምፃቸው ተመለሱ። 14ቱ ግን በኋላ የተቀረጹ ንግግሮች ቦታቸውን ወስደውባቸው ስለነበር እንደጠፉ ቀሩ።

ከዚህ ሥራ በኋላ፣ ሰው ዲስክ ይዞልኝ ሲመጣ የምጠይቀው ጥያቄ ተለውጧል። ቀድሞ «ከሰረዝክ በኋላ ምን ጻፍክበት?» እል ነበር። አሁን ግን በመጀመሪያ «ትእዛዙ ወደ ዲስኩ ደርሷል ወይ?» እላለሁ። ዲስኩ በአሮጌ የዩኤስቢ መያዣ ውስጥ ከነበረ፣ መያዣው ትሪምን የማያስተላልፍ ሊሆን ስለሚችል ተስፋ አለ። ሳምንታዊውን ዙር የሚጠብቅ ሊኑክስ ከሆነ ኮምፒውተሩን ወዲያው ማጥፋትና ዲስኩን አውጥቶ በሌላ ማሽን ላይ ሳይከፍቱ መቅዳት ይገባል። ፋይሉ ሪሳይክል ቢን ውስጥ ካለ ገና አልተሰረዘም፤ ስሙና ቦታው ተለወጠ እንጂ ትሪም አልተላከበትም። በላፕቶፑ ውስጥ ካለ ኤስኤስዲ በዊንዶውስ ላይ በቀጥታ ከተሰረዘ ግን ጊዜን በዚያ ዲስክ ላይ ማባከን ከንቱ ነው። ከሚመለሱት ፋይሎች ሁለቱን ወይም ሦስቱን በጥሬ ባይት ማሳያ ከፍቶ ማየት ይበቃል። ከዳር እስከ ዳር ዜሮ ከሆኑ ፍለጋው ወደ ሌላ ቦታ መዞር አለበት፦ ወደ ካርዱ፣ በኢሜይል ወደተላከው ቅጂ፣ ወደ አሮጌው ኮምፒውተር።

ባልደረባዬ ለቀሩት 14 ቃለ መጠይቆች ያደረጉትን ልንገራችሁና ልጨርስ። ከደብተሩ የተመለሱትን አጫጭር ማስታወሻዎች አትመው ስምና ቦታውን ይዘው ወደዚያው ወረዳ ተመለሱ። ከ14ቱ አዛውንቶች ዘጠኙን በሕይወት አግኝተው እንደገና ቀርጸዋቸዋል። የአምስቱ ድምፅ ግን የለም።